የምሰሶው መወጠሪያ ወዴት ይተከል? ቬክተሮችን በሥዕልና በኮምፖነንት ስለ መደመር

በኮምቦልቻ ለፊዚክስ መምህራንና ለኤሌክትሪክ ሠልጣኞች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ሠልጣኞች፤

ወደዚህ አዳራሽ ስትመጡ ብዙዎቻችሁ በአንድ የመንገድ ማዕዘን ላይ በቆመ የመብራት ምሰሶ አጠገብ ሳታልፉ አልቀራችሁም። ከእንዲህ ዓይነቱ ምሰሶ አናት ሽቦዎች በተለያየ አቅጣጫ ይወጣሉ፤ ከዚያው ከአናቱ ደግሞ አንድ የብረት ገመድ ተነሥቶ በሰያፍ ይወርድና መሬት ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ያ ገመድ መብራት አያስተላልፍም። ሥራው ሽቦዎቹ ምሰሶውን ወደ እነሱ ጎትተው እንዳያዘምሙት ከተቃራኒው በኩል መወጠር ነው፤ ስለዚህ በዛሬው ንግግሬ መወጠሪያ እያልኩ እጠራዋለሁ። የማነሣው ጥያቄም አንድ ብቻ ነው፦ ሦስት ሽቦዎች በሦስት አቅጣጫ ሲስቡ መወጠሪያው ወዴት ይተከላል? በምን ያህል ኃይልስ ይሳባል?

ሽቦዎቹ ሁለት ሆነው በአንድ መስመር ቢሳቡ ኖሮ መደመርና መቀነስ ይበቃን ነበር። ሦስት ሆነው በተለያየ ማዕዘን ሲሳቡ ግን የኃይሎቹን መጠን ብቻ መደመር ትርጉም የለውም። 400፣ 500 እና 900 ኒውተን ተደምረው 1800 ይሆናሉ፤ ምሰሶው ላይ የሚያርፈው ድምር ኃይል ግን፣ ቆየት ብለን እንደምናየው፣ የዚህን ግማሽ እንኳ አይሞላም። የቀረው ኃይል የትም አልጠፋም፤ አንዱ ሽቦ ሲጎትት ሌላው ከፊሉን በተቃራኒው ስለሚመልሰው እርስ በርሱ ተጣፍቷል። ቬክተር መደመር ማለት እንግዲህ ምን ያህሉ እንደተጣፋና ምን ያህሉ ወዴት አቅጣጫ እንደተረፈ መቁጠር ነው።

ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አድርጌ የመረጥኳቸው እኔ ነኝ። ምሰሶውን ከላይ ሆነን ቁልቁል እንደምናየው እናስብ፤ ምሥራቅ በስተቀኝ፣ ሰሜን በስተላይ ይሁን። የመጀመሪያው ሽቦ በቀጥታ ወደ ምሥራቅ በ400 ኒውተን ይስባል። ሁለተኛው ከምሥራቅ ተነሥቶ ወደ ሰሜን በሚለካ 60 ዲግሪ ላይ በ500 ኒውተን ይስባል። ሦስተኛው ከዚያው ከምሥራቅ በሚለካ 150 ዲግሪ ላይ፣ ማለትም ከዚህ ከኮምቦልቻ ሲታይ በግምት ወደ ደሴ በኩል፣ በ900 ኒውተን ይስባል። ሦስቱም ሽቦዎች አግድም እንደተዘረጉና ምሰሶው ላይ በአንድ ከፍታ እንደታሰሩ እንቁጠር። ይህ ግምት ሁልጊዜ እንደማይሠራ አውቃለሁ፤ በመጨረሻ እመለስበታለሁ።

በሥዕሉ እንጀምር። አንድ ሴንቲሜትር ስለ 100 ኒውተን ይቁም። ከወረቀቱ ታችኛው ክፍል አንድ ነጥብ ወስደን ወደ ቀኝ 4 ሴንቲሜትር እናሰምርና ጫፉ ላይ የቀስት ምልክት እናደርጋለን። ሁለተኛውን ቀስት ከመነሻው ነጥብ ሳይሆን ከመጀመሪያው ቀስት ጫፍ እንጀምራለን፤ እዚያ ጫፍ ላይ በቀላሉ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ቀጭን የእርሳስ መስመር አስምረን፣ ከእሱ 60 ዲግሪ ለክተን 5 ሴንቲሜትር እንስላለን። ከሁለተኛው ጫፍም እንደገና የምሥራቅ መስመር አስምረን፣ 150 ዲግሪ ለክተን 9 ሴንቲሜትር እንቀጥላለን። በመጨረሻ ከመጀመሪያው መነሻ ነጥብ እስከ ሦስተኛው ቀስት ጫፍ የምናሰምረው ቀስት ድምሩ ነው፤ ውጤት ኃይል የምንለውም ይኸው ነው። በማስመሪያ ስንለካው 8.9 ሴንቲሜትር፣ በፕሮትራክተር ስንለካው 98 ዲግሪ ገደማ እናገኛለን። በኃይል ሲተረጎም 890 ኒውተን ገደማ ሆኖ ወደ ሰሜን፣ ከሰሜንም በትንሹ ወደ ምዕራብ ያዘነበለ ነው።

በእያንዳንዱ ቀስት ጫፍ ላይ የምሥራቅን መስመር እንደገና ማስመር ያለ ምክንያት አይደለም። በክፍል ውስጥ ደጋግሜ ያየሁት ስሕተት ሦስተኛውን 150 ዲግሪ ከምሥራቅ ሳይሆን ከሁለተኛው ቀስት ላይ መለካት ነው። እንዲህ ሲሆን ሦስተኛው ቀስት 210 ዲግሪ ላይ ይወድቅና ወደ ደቡብ ምዕራብ ይወርዳል፤ ወደ ሰሜን የሚስበው ሽቦ በወረቀቱ ላይ ወደ ደቡብ ሲሄድ ይታያል። ስሕተቱ ያልታየው ተማሪ ቁጥሩን ብቻ ስለተመለከተ ነው። ሥዕሉን ከምሰሶው አጠገብ አቁሞ እያንዳንዱን ቀስት ከሽቦው ጋር ቢያስተያይ ኖሮ የትኛው ቀስት ከሽቦው እንዳልተጓዳኘ ወዲያው ይለየው ነበር። የቀስቶቹ ቅደም ተከተል ግን ለውጥ አያመጣም። ከ900ው ጀምረን በ400ው ብንጨርስ ቅርጹ ሌላ ይሆናል፣ የመጨረሻው ነጥብ ግን እዚያው ላይ ያርፋል። ለዚህም ነው ሥዕሉን በሌላ ቅደም ተከተል ደግሞ መሣል ጥሩ ማረጋገጫ የሚሆነው፤ ሁለቱ ጫፎች ካልተገናኙ አንዱ ማዕዘን ተበላሽቷል ማለት ነው።

ሥዕል ምን ያህል ይታመናል? በማስመሪያ ላይ አንድ ሚሊሜትር መሳት በዚህ መጥን 10 ኒውተን መሳት ነው። የፕሮትራክተር አንድ ዲግሪ ደግሞ በ9 ሴንቲሜትር ቀስት ጫፍ ላይ አንድ ሚሊሜትር ከግማሽ ያህል ያንሸራትታል፤ ይህም ወደ 16 ኒውተን ይደርሳል። ብዙ ሰው ትልቅ ወረቀት ወስዶ መጥኑን በእጥፍ ቢያሳድግ ሁሉም ስሕተት በግማሽ የሚቀንስለት ይመስለዋል። የማስመሪያው ስሕተት በእርግጥ በግማሽ ይቀንሳል። የማዕዘኑ ግን አይቀንስም፤ ቀስቱ ሲረዝም የአንድ ዲግሪው መንሸራተትም አብሮ ይረዝማልና፣ ወደ ኃይል ሲመለስ ያው 16 ኒውተን ነው። የማዕዘን ስሕተትን ለመቀነስ ከፈለግን ፕሮትራክተሩን ራሱን መተው ይኖርብናል። በግራፍ ወረቀት ላይ 150 ዲግሪውን ከመለካት ይልቅ ከጫፉ ተነሥተን ወደ ግራ 7.8 ሴንቲሜትር፣ ከዚያ ወደ ላይ 4.5 ሴንቲሜትር ቆጥረን ብንሄድ የቀስቱን ጫፍ በትክክል እናገኘዋለን።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ 7.8 እና 4.5ን ከየት አመጣናቸው? እነዚህ የዚያ ቀስት ኮምፖነንቶች ናቸው። አንድ ሰያፍ ጉተታ፣ አንዱ በቀጥታ ወደ ምዕራብ፣ ሌላው በቀጥታ ወደ ሰሜን በሚሄዱ ሁለት ጉተታዎች ቢተካ ምሰሶው ልዩነቱን አያውቀውም። ሥዕሉን አጥርቶ ለመሣል የፈለገ ሰው ሳያስበው ወደ ስሌቱ ገብቷል ማለት ነው። እኔ ሁለቱን ዘዴዎች እንደ ሁለት የተለያዩ ምዕራፎች ማስተማር የተውኩት በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ሦስቱንም ሽቦዎች እንዲህ እንተካቸው። ማዕዘኑ ከምሥራቅ እስከ ተለካ ድረስ የምሥራቅ ድርሻው ኃይሉ በማዕዘኑ ኮሳይን ሲባዛ፣ የሰሜን ድርሻው ደግሞ በሳይኑ ሲባዛ የሚገኘው ነው። ወደ ምዕራብ የሚሄድ ድርሻ ኔጌቲቭ ምልክት ይይዛል።

```
ሽቦ 1:  400 × cos 0°   =  400.0     400 × sin 0°   =    0.0
ሽቦ 2:  500 × cos 60°  =  250.0     500 × sin 60°  =  433.0
ሽቦ 3:  900 × cos 150° = -779.4     900 × sin 150° =  450.0
ድምር:                   -129.4                        883.0
```

ሠንጠረዡን ከቁጥርነቱ በፊት እንደ ታሪክ አንብቡት። ሁለቱ ሽቦዎች በአንድነት 650 ኒውተን ወደ ምሥራቅ ይስባሉ፤ ሦስተኛው ብቻውን 779.4 ወደ ምዕራብ ይመልሳል፤ ስለዚህ በምሥራቅና በምዕራብ መካከል የተረፈው 129.4 ወደ ምዕራብ ብቻ ነው። ወደ ሰሜን ግን ማንም የሚቃወም ስለሌለ 433ና 450 ተደምረው 883 ይሆናሉ። ምሰሶው ወደ ሰሜን ሊያዘም የሚፈልገው ለዚህ ነው። የሁለቱ ድርሻዎች ድምር በፓይታጎራስ ሕግ የ129.4 ስኩዌርና የ883 ስኩዌር ተደምረው ስኩዌር ሩታቸው ሲወሰድ 892.4 ኒውተን ይሆናል። ከሥዕሉ ያገኘነው 890 ገደማ ነበር፤ ልዩነቱ አስቀድመን በገመትነው የማስመሪያና የፕሮትራክተር ስሕተት ውስጥ ያድራል።

ቀጥሎ አቅጣጫው ነው፤ ዛሬ በዚህ መድረክ ላይ የቆምኩትም በተለይ ስለዚህ ነጥብ ለመናገር ነው። የ883ን እና የ-129.4ን ንጽጽር በካልኩሌተር ላይ በ tan⁻¹ ብናስገባ የሚወጣው ቁጥር -81.7 ነው። ይህ ማለት ከምሥራቅ በታች 81.7 ዲግሪ፣ በአጭሩ ወደ ደቡብ ማለት ነው። ሥዕላችን ግን ወደ ሰሜን ነው ያሳየን። ካልኩሌተሩ አልተበላሸም። አንድ ፖዘቲቭ ቁጥር ለኔጌቲቭ ሲካፈልም፣ ኔጌቲቭ ለፖዘቲቭ ሲካፈልም መልሱ ኔጌቲቭ ነው፤ ስለዚህ ከማካፈሉ በኋላ ካልኩሌተሩ የትኛው ድርሻ ኔጌቲቭ እንደነበረ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፣ ሁልጊዜም በ-90 እና በ90 መካከል ያለውን ማዕዘን ይመልሳል። የምሥራቅ ድርሻው ኔጌቲቭ በሆነ ጊዜ ሁሉ በውጤቱ ላይ 180 መጨመር አለብን፤ -81.7 ላይ 180 ሲጨመር 98.3 ዲግሪ ይሆናል። ሥዕሉ 98 ብሎን ነበር።

ይህ ስሕተት በወረቀት ላይ አንድ ነጥብ ያስቀንሳል፤ በምሰሶው ላይ የሚያስከትለውን ግን እንየው። ውጤት ኃይሉ ወደ ደቡብ ነው ብሎ ያመነ ሰው መወጠሪያውን በተቃራኒው፣ በሰሜን በኩል፣ በ98.3 ዲግሪ ላይ ይተክላል። ያ ደግሞ ሽቦዎቹ ምሰሶውን የሚጎትቱበት አቅጣጫ ራሱ ነው። መወጠሪያው ምሰሶውን ሊይዘው ቀርቶ ሲጠበቅ አብሮ ያዘምመዋል። መሆን የነበረበት ቦታ 98.3 ላይ 180 ሲጨመር የሚገኘው 278.3 ዲግሪ ነው፤ ከደቡብ ወደ ምሥራቅ 8.3 ዲግሪ ፈቀቅ ያለ ቦታ ማለት ነው።

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ባስተማርኩበት አንድ ትምህርት ቤት፣ ይህንኑ የመሰለ ጥያቄ ሰጥቼ ወረቀት ሳርም የአንዱ ተማሪ መልስ ትክክል ሆኖ አገኘሁትና ሙሉ ነጥብ ሰጠሁት። መወጠሪያው በ-81.7 ዲግሪ ይተከላል ይላል፤ -81.7 እና 278.3 አንድ አቅጣጫ ናቸው፤ ስለዚህ ቦታው ልክ ነው። በኋላ ወረቀቱን መልሼ ሳየው ተማሪው ሁለት ጊዜ ተሳስቶ ነበር። 180ውን አልጨመረም፤ ውጤት ኃይሉን ወደ መወጠሪያ ለመለወጥም አልገለበጠም። ሁለቱ ስሕተቶች እርስ በርስ ተጣፍተው ትክክለኛ መልስ ሰጡት። እኔም ልጁ የጎደለውን እንዲያውቅ ሳላደርግ አሳለፍኩት፤ በሚቀጥለው ጥያቄ የምሥራቅ ድርሻው ፖዘቲቭ ሲሆን አንዱ ስሕተት ብቻውን ይቀርና መወጠሪያውን በተሳሳተው ወገን ያቆምበታል። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ሥዕል የሌለበትን መልስ አላርምም፤ ሥዕሉ በእጅ የተሞነጫጨረ፣ ያለ ማስመሪያ የተሠራ ቢሆንም ይበቃኛል፣ ምክንያቱም ከሥዕሉ የምፈልገው ቁጥሩን ሳይሆን ወገኑን ነውና።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ስሕተት አለ፤ ባጭሩ ልለፈው። ካልኩሌተሩ በዲግሪ ፋንታ በሬዲያን ላይ ሲሆን የ60 ኮሳይን 0.5 መሆኑ ቀርቶ -0.95 ይሆናል፤ ሁለተኛው ሽቦም ወደ ምሥራቅ 250 መሳቡ ቀርቶ ወደ ምዕራብ 476 የሚስብ ይመስላል። ቀስቱ በሥዕሉ ወደ ቀኝ እያጋደለ በሠንጠረዡ ኔጌቲቭ ከያዘ መጀመሪያ የሚታየው ስክሪኑ ላይ ያለው የዲግሪ ምልክት ነው። ማዕዘኑ ከሰሜን ተለክቶ ሲሰጠን ደግሞ ሳይንና ኮሳይን ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ስለዚህ ከማባዛት በፊት ሁሉንም ማዕዘኖች ከምሥራቅ ወደ ተለኩ ማዕዘኖች መለወጥ ይሻላል።

የምሰሶውን ነገር ትቼ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ነገር ልመለስ። ከፊት ለፊታችሁ አንድ የብረት ቀለበት፣ ሦስት ሲባጎና አንድ የስፕሪንግ ሚዛን አሉ። ሦስቱ ሲባጎዎች በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ በተተከሉ የክር ቦቢኖች ላይ አልፈው ይንጠለጠላሉ፤ በየጫፋቸውም 400፣ 500 እና 900 ግራም ጨው በላስቲክ ታስሯል። አቅጣጫዎቹ በኖራ ተሠምረዋል፦ ዜሮ፣ 60 እና 150። ግራም ኃይል አይደለም፤ ግን ክብደት ከግራሙ ጋር ስለሚመጣጠን ንጽጽሩ ይጠበቃል፣ እዚህም የምንፈልገው ንጽጽሩን ነው። ሚዛኑን ይዤ ቀለበቱን ወደ 278 ዲግሪ በኩል ስስበው፣ ቀለበቱ በመካከለኛው ነጥብ ላይ ሲያርፍ ሚዛኑ የሚያሳየው ወደ 890 ግራም ነው።

ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ግን ቀለበቱ በአንድ ነጥብ ላይ ብቻ እንደማያርፍ ትመለከታላችሁ። ትንሽ ወደ ጎን ገፋ አድርጌ ብለቀው እዚያም ይቆማል፤ ሚዛኑም ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ይህ የቦቢኖቹ ሰበቃ ነው። ሲባጎው በቦቢኑ ላይ ሲንሸራተት ከፊሉን ጉተታ ይይዝበታል፣ ስለዚህ ቀለበቱ ላይ የሚደርሰው ኃይል ከተንጠለጠለው ክብደት ጋር እኩል አይሆንም። ሰበቃ መኖሩ የሚታወቀው ቀለበቱ በብዙ ቦታ በመቆሙ ነው፤ መፍትሔውም ቀለበቱን በጣት ደጋግሞ መታ መታ እያደረጉ የት እንደሚረጋ ማየት፣ ከዚያም ከሁለቱም ጎን አቀራርቦ የሚያሳየውን መካከለኛ መውሰድ ነው።

አሁን ወደ መወጠሪያው መጠን እንሂድ። 892 ኒውተን የሚያስፈልገን በአግድም ነው፤ መወጠሪያው ግን አግድም አይዘረጋም፣ ወደ መሬት ይወርዳል። ስለዚህ እዚህም ኮምፖነንት ይመጣል፤ አግድም ድርሻው 892 እንዲሆን የመወጠሪያው ውጥረት 892ን ከመሬት ጋር ለሚሠራው ማዕዘን ኮሳይን ስናካፍል የሚገኘው ነው። ከመሬት ጋር 45 ዲግሪ ቢሠራ ውጥረቱ 1262 ኒውተን ይሆናል። እንደ ደሴ ባለ ዳገታማና ጠባብ መንገድ ላይ መወጠሪያውን ከምሰሶው አርቆ መትከያ ቦታ ሲጠፋና ወደ ምሰሶው ተጠግቶ 60 ዲግሪ ሲሠራ ውጥረቱ 1785 ይደርሳል፤ ያ ሁሉ ጭማሪ ምሰሶውን ወደ ታች ለመጫን እንጂ ለመያዝ አይጠቅምም። በ45 ዲግሪ ወደ ታች የሚጫነው 892 ነበር፤ በ60 ዲግሪ ግን 1546 ይሆናል። መትከያ ቦታ እያለ መወጠሪያን ወደ ምሰሶው ማጠጋት ገመዱንም፣ ምሰሶውንም፣ መልሕቁንም ያለ ምክንያት ማስጨነቅ ነው።

መጀመሪያ ላይ እመለስበታለሁ ያልኩት ግምት ይቀራል። በደሴ አንድ ምሰሶ ታች፣ ቀጣዩ ሽቅብ ዳገቱ ላይ ይቆማል፤ ሽቦውም አግድም አይሆንም። ሁለተኛው ሽቦ ከአግድም 20 ዲግሪ ሽቅብ ቢወጣ ከ500ው ኒውተን አግድም የሚቀረው 470 ነው፤ 171ዱ ምሰሶውን ወደ ላይ ይስባል። ስሌቱን በ470 ደግመን ብንሠራው ውጤት ኃይሉ ከ892 ወደ 869 ዝቅ ይላል፣ አቅጣጫውም ከ98.3 ወደ 99.6 ዲግሪ ይዞራል። ለውጡ ትንሽ ነው፤ ለመወጠሪያው አቅጣጫ ሲባል ብቻ ከሆነ ሽቦው አግድም ነው ብሎ መገመት ይቻላል። ሽቦዎቹ በተለያየ ከፍታ ሲታሰሩ ግን ነገሩ ይለወጣል። ኃይሎቹን መደመር አቅጣጫቸውንና መጠናቸውን ይነግረናል እንጂ የት እንደሚያርፉ አይነግረንም፤ ከታች የታሰረ ሽቦ ምሰሶውን ለማዘመም ያለው ኃይል ከላይ ከታሰረው ያነሰ ነው። እዚያ ላይ እያንዳንዱን ኃይል በታሰረበት ከፍታ አባዝቶ ምሰሶውን በሥሩ ዙሪያ ምን ያህል እንደሚያዞረው ማስላት ይኖርብናል፤ ያኔም ቢሆን ከመባዛቱ በፊት የምንፈልገው እነዚያኑ የምሥራቅና የሰሜን ድርሻዎች ነው።